ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ ጉዞ፦ ቤንዚን፣ ናፍጣና ሃይብሪድ በሐረር መንገድ

ጊደር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» ማለት ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ገበያው የሚወርደው ጠባብ መንገድ ደግሞ መኪና ግርግር ይባላል። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ የተሽከርካሪ ግርግር ይመስለዋል፤ «መኪና» የተባለው ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ነው። በጀጎል ግንብ የታጠረው ከተማ ስፋት 48 ሄክታር ያህል ሲሆን ጥንታዊዎቹ አምስት በሮች የተሠሩት ለእግረኛና ለጭነት እንስሳ ነው። ተሽከርካሪ በዋናነት የሚገባው ዘግይቶ በተከፈተው በሐረር በር በኩል ነው። ስለዚህ ከአዲሱ ከተማ ተነሥቶ ወደ ገበያው የሚነዳ ሰው መንገዱ አጭር ቢሆንም ከባጃጁ፣ ከሚኒባሱ፣ ከጋሪውና ከሸማቹ ጋር እየተጋፋ በየመቶ ሁለት መቶ ሜትሩ መቆሙ አይቀርም።

እንዲህ ያለ አሽከርካሪ ምን ዓይነት ሞተር ይግዛ? ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በደላላውም በመካኒኩም ዘንድ የታወቀው «ናፍጣ ይቆጥባል» የሚለው ነው። ሁለተኛው በተለይ ጽሑፍ ካነበቡ ሰዎች የሚመጣው «በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ከሃይብሪድ የሚሻል የለም» የሚለው ነው። የእኔ አቋም ከሁለቱም ይለያል። የመጀመሪያው መልስ ለዚህ አሽከርካሪ ስሕተት ነው። ሁለተኛው በፊዚክስ ረገድ እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነትነቱ የሚጠቅመው ለሌላ ሰው ነው። ይህን ለማሳየት አንድ ጉዞ ወስጄ ነዳጁ የት እንደሚሄድ በሚሊ ሊትር እከፋፍላለሁ።

ከዚያ በፊት ጥያቄው በ2009 ዓ.ም. ከነበረበት ሁኔታ መለወጡን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ሃይብሪድ ልግዛ የሚል ሰው የሚመርጠው ቀድሞ ከገቡት፣ ሌላ ሰው ከነዳቸውና ዕድሜያቸው ከገፋው መኪኖች ነው። የአዲስ መኪና ንጽጽር እያቀረብን የአሮጌ መኪና ገዢን ልንመክር አንችልም። በባትሪ ብቻ የሚሠራው መኪና ለእንዲህ ያለ አጭር መንገድ ከሦስቱም የሚስማማ ቢሆንም የዚህ ጽሑፍ ርእስ አይደለም።

የመለኪያው ችግር

በአገራችን የነዳጅ ፍጆታን የሚመለከቱ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የመኪናውን ፍጆታ የሚወስዱት አምራቹ ካወጣው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን በምን ዓይነት ጉዞ እንደተለካ አይጠየቅም። ከጃፓን ገበያ የመጡትን ትናንሽ የቤንዚን መኪኖች፣ ለምሳሌ ቪትዝን፣ እንውሰድ። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃፓን ይሠራበት የነበረው «10-15» የሚባለው የፍተሻ ዑደት የሚጀምረው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው። በዚያ ፍተሻ እነዚህ መኪኖች በአንድ ሊትር ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሄዱ ተመዝግቧል። የአውሮፓው የቀድሞ ዑደት በቀዝቃዛ ሞተር ቢጀምርም ርዝመቱ 11 ኪሎ ሜትር ነው፤ ተክቶት የመጣው ደግሞ 23 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በእነዚህ ርዝመቶች ላይ የቀዝቃዛው ጅማሮ ኪሳራ ተበታትኖ ይጠፋል። የእኛ አሽከርካሪ ጉዞ ግን 2.5 ኪሎ ሜትር ነው። ለእርሱ ቀዝቃዛው ጅማሮ የጉዞው መግቢያ ሳይሆን ራሱ ጉዞው ነው።

የሐረር ከፍታም ከቁጥሩ ውስጥ መግባት አለበት። ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ የአየር እፍግታ ከባሕር ወለሉ በ17 በመቶ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ማንኛውም ሞተር በዚህ መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል። በካርቡሬተር የሚሠሩ ሞተሮች ላይ ሌላ ነገርም ይጨመራል፦ ካርቡሬተሩ አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ ለባሕር ወለል ከተስተካከለ 9 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ለብዙ ዓመታት የሐረር ታክሲ ሆነው ያገለገሉት ፔጆ 404 መኪኖች ባለ 1.6 ሊትር የካርቡሬተር ሞተር ያላቸው ናቸው። እነዚያን መኪኖች ለረጅም ጊዜ በሕይወት ያቆየው የነዳጅ ቁጠባቸው ሳይሆን ማንኛውም የሠፈር መካኒክ ሊፈታቸውና ሊገጥማቸው መቻሉ ነው። ይህን ነጥብ ወደ ሃይብሪዱ ስንደርስ እንፈልገዋለን። በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚሠሩት የኋለኞቹ ሞተሮች የአየሩን መጠን ለክተው ነዳጁን ስለሚያስተካክሉ ከፍታው ከጉልበታቸው እንጂ ከቁጠባቸው ብዙ አይወስድም።

አንድ ጉዞ በሚሊ ሊትር

ለስሌት ያህል ከአዲሱ ከተማ ተነሥቶ በሐረር በር አድርጎ ወደ ገበያው አካባቢ የሚደርስ የ2.5 ኪሎ ሜትር ጉዞ እናስብ። ጉዞው 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ ከዚህም 5 ደቂቃው ሞተሩ እየሠራ መኪናው የቆመበት ነው። አሽከርካሪው 12 ጊዜ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ደርሶ 12 ጊዜ ይቆማል። ሞተሩ ሲነሣ ቀዝቃዛ ነው። ቁጥሮቹ ግምቶች ናቸው፤ ሌላ ተመራማሪ ለክቶ ሊለውጣቸው እንዲችል አንድ በአንድ አስቀምጣቸዋለሁ።

በመጀመሪያ 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ትንሽ የቤንዚን መኪና። ይህ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የተሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይል 42 ኪሎ ጁል ነው። አሽከርካሪው ፍሬን በረገጠ ቁጥር ይህ ኃይል በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል፤ 12 ጊዜ ሲደገም 500 ኪሎ ጁል ገደማ ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ያህል አለው፤ ሞተሩ ግን በዝቅተኛ ጭነት ሲሠራ ወደ ጎማው የሚያደርሰው አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለመነሣትና ለመቆም ብቻ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ይሄዳል። የጎማውን መንከባለል ለማሸነፍ 50 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። ቆሞ መሥራት፣ መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት፣ በሰዓት 0.7 ሊትር ቢወስድ በ5 ደቂቃ 60 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በመጨረሻም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ኮምፒዩተሩ የሚጨምረው ትርፍ ነዳጅና የወፈረው ዘይት የሚፈጥረው ሰበቃ በአንድ ላይ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይወስዳሉ። ድምሩ 240 ሚሊ ሊትር ነው። ይህም በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ከጥቂት ማለት ሲሆን ከጃፓኑ ቁጥር ግማሹን ያህል ነው። መኪናው አልተበላሸም፤ የተለካው ሌላ ጉዞ ነበር።

አሁን ናፍጣውን እንይ። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ያህል ስላለውና ሞተሩም በዝቅተኛ ጭነት ከቤንዚኑ የተሻለ ብቃት ስላለው ሁሉም ነገር እኩል ቢሆን ናፍጣው ያሸንፋል። ተመሳሳይ ክብደት ያለው ትንሽ የናፍጣ መኪና ይህን ጉዞ በ160 ሚሊ ሊትር ገደማ ሊጨርሰው ይችላል። ችግሩ ያ መኪና በእኛ ገበያ ከናካቴው እንደሌለ የሚቆጠር መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ናፍጣ ማለት በአብዛኛው ፒካፕ፣ ሚኒባስ ወይም የመስክ መኪና ነው። ክብደቱ ወደ 1,900 ኪሎ ግራም፣ ሞተሩም ከ2.5 እስከ 3 ሊትር የሆነ መኪና ብንወስድ ለመነሣትና ለመቆም 88፣ ለመንከባለል 58፣ ቆሞ ለመሥራት 60፣ ለቀዝቃዛው ጅማሮ 40 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፤ ድምሩ 246 ነው። ከትንሹ የቤንዚን መኪና ጋር በተግባር እኩል ሆነ ማለት ነው። የናፍጣው ሞተር ያተረፈውን የመኪናው ክብደት በልቶታል። «ናፍጣ ይቆጥባል» የሚለው አባባል የተወለደው ከድሬዳዋ ወይም ከአዲስ አበባ ጭነት ይዞ በሚመጣ መኪና ላይ ነው፤ በዚያም ትክክል ነው። ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው ግን አባባሉን የተዋሰው ጭነቱን ሳይዝ ነው።

ናፍጣና ያልሞቀ ጭስ

ፍጆታው እኩል ከሆነ የሚለያያቸው ሌላው ወጪ ነው፤ በናፍጣ ላይ ያለኝ ተቃውሞ ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። የናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ አየር ስለሚስብ የጭሱ ሙቀት ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀራል። በዚህ ሙቀት ጥላሸት አይቃጠልም፤ ይጠራቀማል። የት እንደሚጠራቀም የሚወስነው የሞተሩ ዘመን ነው።

አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች በጭስ ማውጫቸው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ሲሞላ ኮምፒዩተሩ ትርፍ ናፍጣ እየረጨ ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ገደማ አድርሶ ጥላሸቱን ያቃጥለዋል። ይህ ሥራ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ መንዳት ይጠይቃል። የእኛ ጉዞ በጠቅላላው 12 ደቂቃ ተኩል ሲሆን ግማሽ ያህሉም መቆም ነው። ስለዚህ ማቃጠሉ ይጀመራል፣ አሽከርካሪው ሞተሩን ያጠፋል፣ በማግሥቱም እንደገና ይጀመራል። በየጊዜው የተረጨው ናፍጣ ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ወርዶ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ የዘይቱ መጠን መቀነስ ሲገባው ከፍ ካለ፣ በተለይም ከላይኛው ምልክት ካለፈና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ነገሩ ደርሷል። ብዙ ባለ መኪኖች «ዘይት አይበላም» ብለው የሚደሰቱበት ሁኔታ አንዳንድ ጊዜ ይህ ነው። የቀጠነ ዘይት የሞተሩን ኩሽኔታና፣ ካለውም፣ ተርቦውን ያሳጣል። ማጣሪያው አስቀድሞ ተነቅሎ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ባለ መኪናው የገዛው ወደ ቀጣዩ ዓይነት የተመለሰ ሞተር ነው።

ቀጣዩ ዓይነት ማጣሪያ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ነው። በሚኒባሶች ላይ የለመድናቸው 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የሚባሉት የቶዮታ ሞተሮች የዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ በአጭር ጉዞ እምብዛም አይታመሙም፤ መካኒክም መለዋወጫም አላቸው። ጥላሸታቸውን የሚተዉት ግን በራሳቸው ውስጥ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ነው። ጠዋት ሲነሡ የሚታየው ነጭ ጭስ በቀዝቃዛው ሲሊንደር ውስጥ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ቆመው ሲነሡ የሚተፉት ጥቁር ጭስ ደግሞ ለተሳበው አየር የበዛ ናፍጣ ነው፤ የሐረር ስስ አየርም ይህንኑ ያባብሰዋል። ሰፊ መንገድ ላይ ነፋስ ይበትነዋል። በሐረር በርና በፈረስ መጋላ መካከል ግን ግንቡና ቤቶቹ በሁለቱም ወገን ቅርብ ናቸው፤ በመንገዱ ዳር ተቀምጠው የሚሸጡት ሴቶችና በእግሩ የሚሄደው ሁሉ ጭሱ ከሚወጣበት ቁመት ብዙም ከፍ አይሉም። ለአንድ ሰው የግል ምቾት ሲባል በዚያ ጠባብ ቦታ ሦስት ሊትር የናፍጣ ሞተር ቆሞ እንዲሠራ ማድረግ የነዳጅ ሒሳብ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ለናፍጣ ባለቤት አንድ ነገር መመስከር ይገባኛል። ሐረማያ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ ወደዚያ ለሥራ የሚመላለስ ሰው ማጣሪያው የሚፈልገውን የማያቋርጥ ጉዞ ሳያስበው ይሰጠዋል። ከላይ ያልኩት ሁሉ ከከተማው የማይወጣውን ሰው የሚመለከት ነው።

ሃይብሪዱ የሚያተርፈውና የሚያተርፍለት ሰው

ሃይብሪዱ ከላይ ከዘረዘርናቸው አራት ወጪዎች ሁለቱን በቀጥታ ይመታል። ሲቆም ሞተሩን ያጠፋል፤ ፍሬን ሲረገጥም የመኪናውን ኃይል ከፊሉን በጄኔሬተር ወደ ባትሪ ይመልሳል። ብዙ ሰው ባትሪው ትልቅ መሆን ያለበት ይመስለዋል። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ ግን 28 ክፍሎች ያሉት፣ 201.6 ቮልት የሚሰጥና በጠቅላላው 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ የሚይዝ ነው፤ ከዚህም ዕድሜው እንዲረዝም ሲባል ከግማሽ በታች የሚሆነው ብቻ ይሠራበታል። ያም ቢሆን ከአንድ መቆም የሚገኘው 42 ኪሎ ጁል በዚህ ውስጥ እንደ ጠብታ ነው። ለጊደር መጋላ መንገድ ባትሪው ከበቂ በላይ ነው።

በተመሳሳይ ጉዞ ግማሹ የፍሬን ኃይል ቢመለስና ሞተሩም በሚሠራበት ጊዜ 30 በመቶ ያህል ብቃት ቢኖረው ለመነሣትና ለመቆም 26፣ ለመንከባለል 34፣ ቆሞ ለመሥራት 10 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። በቀዝቃዛው ጅማሮ ላይ ግን ሃይብሪዱ ብልጫ የለውም። የጭስ ማጽጃው ካታሊስት እንዲሞቅ ሲባል መኪናው ገና ከግቢ ሳይወጣ፣ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም እንኳ፣ ሞተሩ ይነሣል፤ ውኃው እስኪሞቅም ቶሎ ቶሎ አይጠፋም። ለዚህ 60 ሚሊ ሊትር ብንሰጠው ድምሩ 130 ይሆናል። ከቤንዚኑ 240 ጋር ሲተያይ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ነገር ግን ከ130ው ግማሽ ያህሉ የቅዝቃዜ ዋጋ መሆኑን ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጽሑፎች የሚያቆሙት። በመቶኛ ተናግረው «46 በመቶ ይቆጥባል» ብለው ይደመድማሉ። የሚገዛው ሰው ግን መቶኛ አይከፍልም። በቀን አራት ጊዜ፣ በዓመት 300 ቀን የሚነዳ ባለ መኪና 1,200 ጉዞ ያደርጋል። በእያንዳንዱ 110 ሚሊ ሊትር ቢተርፈው በዓመት 132 ሊትር ነው። ሊትሩን በ100 ብር ብናስበው 13,200 ብር ይሆናል። ለምሳሌ የባትሪ መተኪያ 150,000 ብር ቢጠየቅ ያንን ገንዘብ ለመመለስ ከ11 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ መኪናው ራሱ ከተሠራ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው መሆኑን ሳንረሳ። ጥቂት የሚነዳ ሰው ጥቂት ነዳጅ ስለሚያባክን የሚቆጥበውም ጥቂት ነው። «ለአጭር ጉዞ ሃይብሪድ» የሚለው ምክር የሚሳሳተው በዚህ ነጥብ ነው።

ሒሳቡን ታክሲ ነጂ ላይ እንድገመው። እርሱ በቀን እንዲህ ያሉ 40 ጉዞዎች ያደርጋል እንበል። ቀዝቃዛ የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ስለሆነ ያንን ወጪ ከሁለቱም ወገን እናውጣው፤ ቤንዚኑ 190፣ ሃይብሪዱ 70 ሚሊ ሊትር ይሆናሉ። ልዩነቱ በዓመት 1,440 ሊትር፣ በዚያው ዋጋ 144,000 ብር ነው። ለእርሱ ባትሪው በአንድ ዓመት ገደማ ዋጋውን ይመልሳል። መንገዱና መጨናነቁ አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ የተገለበጠው በጉዞው ብዛትና በሞተሩ ሙቀት ምክንያት ነው። የሃይብሪዱ ቦታ በሐረር ውስጥ ካለ በሐኪም ወይም በመምህር ግቢ ሳይሆን በታክሲ ተራ ነው።

ይሁንና ዋጋው ከቤንዚኑ ብዙ የማይበልጥ ሃይብሪድ የቀረበለት ሰው ባትሪውን ሳይፈትሽ መግዛት የለበትም። ፍተሻውም ከባድ አይደለም። የፕሪየስን ባትሪ ኮምፒዩተሩ በ14 ጥንድ ከፍሎ የእያንዳንዱን ቮልቴጅ ይከታተላል። በማንበቢያ መሣሪያ እነዚህን 14 ቁጥሮች መኪናው ቆሞ ሳይሆን ዳገት ላይ በጭነት ሲሄድ ማየት ያስፈልጋል። ቆሞ ሲታይ የተበላሸውም ጤነኛ ይመስላል፤ በጭነት ጊዜ ግን አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ከ1 ቮልት በላይ ወርዶ ከተገኘ በውስጡ አንድ ሕዋስ ሞቷል ማለት ነው። `P0A80` የሚለው ኮድ ከታየ ባትሪው ተፈርዶበታል፤ ካልታየ ግን ሻጩ ትናንት አጥፍቶት ሊሆን ስለሚችል ኮድ አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መሣሪያ ከሌለ የባትሪውን መጠን የሚያሳየውን ምልክት በግማሽ ሰዓት ጉዞ ውስጥ መከታተል ይቻላል፦ በጥቂት ደቂቃ ከሙሉ ወደ ባዶ፣ ከባዶ ወደ ሙሉ የሚዘል ከሆነ ባትሪው የመያዝ አቅሙን አጥቷል። ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለው የማራገቢያ መግቢያም ይታይ። ባትሪው የሚቀዘቅዘው በዚያ በኩል በሚገባ አየር ስለሆነ አቧራ ከዘጋው መካከለኛዎቹ ክፍሎች ቀድመው ይሞታሉ። የሐረር አካባቢ አቧራ ለዚህ በቂ ነው። ፔጆ 404ን በየሠፈሩ የጠገነው እጅ ይህን ባትሪ ለመጠገን የተለየ ሥልጠናና የመከላከያ ጓንት ይፈልጋል፤ 200 ቮልት ይገድላል።

ስለ ቤንዚኑ ብዙ የምለው የለኝም። ትንሽ ሞተር ያለው፣ በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚሠራ፣ ክብደቱ ቀላል የሆነ መኪና ለዚህ አሽከርካሪ የምመርጠው ነው። እርሱም ቢሆን ያለመሞቅን ዋጋ ይከፍላል። በጭሱ ውስጥ ያለው ውኃ ማርሚታው ሳይሞቅ ስለሚቀር እዚያው ተኝቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ካንዴላው ሲወጣ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ይታይበታል፤ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ይገኛል። ይህ አረፋ ብዙ ጊዜ «ሄድ ጋስኬቱ ተቃጥሏል» ተብሎ ሞተር ያስወርዳል። የራዲያተሩ ውኃ ካልቀነሰና በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ ግን ከአጭር ጉዞ የመጣ እርጥበት ስለሆነ ሞተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ አሙቆ መንዳት ያጠፋዋል። የዘይት መለወጫ ጊዜውንም በኪሎ ሜትር መቁጠር አይበቃም፤ ይህ አሽከርካሪ በዓመት የሚሄደው 3,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ኪሎ ሜትሩ እስኪሞላ ቢጠብቅ ዘይቱ ሁለት ዓመት ይቆያል። በስድስት ወር አንድ ጊዜ ይለወጥ።

ሦስቱም ሞተሮች የማይፈቱት የቅዝቃዜ ወጪ አለ፤ በቤንዚኑ 50፣ በሃይብሪዱ 60 ሚሊ ሊትር። ባለ መኪናው ከአራቱ ጉዞዎች ሁለቱን ከሌሎቹ ጋር አያይዞ ሞተሩ እንደሞቀ ቢያደርጋቸው በቀን 100 ሚሊ ሊትር፣ በዓመት 30 ሊትር ቤንዚን ሳይገዛ ይቀራል። ይህም ሃይብሪድ በመግዛት ከሚያገኘው ሩብ ያህሉ ነው፤ ወጪው ግን ምንም ነው።

ከላይ ያስቀመጥኳቸውን ግምቶች ለመለካት የሚፈልግ የማስተርስ ተማሪ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ከመኪናው ኮምፒዩተር የሞተሩን ውኃ ሙቀት፣ ፍጥነቱንና የሚሳበውን አየር በየሰከንዱ የሚመዘግብ አነስተኛ መሣሪያ በአሥር መኪኖች ላይ ለአንድ ወር ቢገጠም የእያንዳንዱ ጉዞ ርዝመት፣ የመቆሚያ ብዛቱና ሞተሩ ሲነሣ የነበረው ሙቀት ይታወቃል። ከቤንዚን መኪና ከሚሳበው አየር ነዳጁን ማስላት ይቻላል፤ ለናፍጣ ግን ይህ መንገድ ስለማይሠራ የሚረጨው ነዳጅ መጠን በቀጥታ መነበብ አለበት። ከታንክ እስከ ታንክ ሞልቶ መለካት ለዚህ ጥናት አይሆንም፤ በእንዲህ ዓይነት አነዳድ አንድ ታንክ ከአንድ ወር በላይ ስለሚቆይ በውስጡ ቀዝቃዛውና ሙቁ ጉዞ ተደባልቀው አይለዩም። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ ነው፦ በሐረር ከሚነዱት የግል መኪኖች ስንቶቹ ጉዞዎች ውኃው 80 ዲግሪ ሳይደርስ ያልቃሉ?